አይረን እየዋጠች ደሟ የማይጨምር እናት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሚድዋይፍ ነኝ። የእርግዝና ክትትል ክፍል በብዛት የማየው አይረን ያላገኘች እናት አይደለም፣ አይረን እየዋጠች ደሟ አልጨምር ያለ እናት ነው። ኪኒኑ ተሰጥቷታል፣ ትውጣለች፣ ተመልሳ ስትለካ ግን እዛው ናት። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን አይረኑ ለምን እንደሚፈለግ። እርጉዝ ሴት ደሟ ይጨምራል፣ ግን ሁሉም እኩል አይጨምርም፣ ውሃው ክፍል ወደ ግማሽ የሚጠጋ ሲጨምር ቀይ የደም ሴሉ ከዛ በጣም ያነሰ ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ ደሟ ይቀጥናል። እሱን ተጨማሪ ሴል ለመሥራት አይረን ይፈልጋል፣ ፅንሱና እንግዴ ልጁም የራሳቸውን ይወስዳሉ፣ ህፃኑ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት ከተወለደ በኋላ የሚጠቀመውን ያከማቻል። ሲደመር በአንድ እርግዝና 1,000 ሚሊግራም አካባቢ ነው። መጀመሪያ ላይ በቀን 1 ሚሊግራም እንኳን የማይሞላው ፍላጎት መጨረሻ ላይ 6 እና 7 ይደርሳል። ያንን ከምግብ ብቻ መሳብ ለአንጀት ከባድ ነው፣ በተለይ ያለፈውን ልጅ ወልዳ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ያረገዘች ከሆነ ከመጀመሪያውም ክምችቷ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። ኪኒኑን በቡና መዋጥ!

ይሄን ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም። የእኛ አገር ጠዋት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፣ ቁርስ ይቀርባል፣ ቡናው ይፈላል፣ እናትየው ኪኒኗን ታስታውስና በአቦሉ ትውጠዋለች፣ ቶናና በረካው ይከተላል፣ ቀጥሎ ጎረቤት ትጠራታለች። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ነገር አንጀት ውስጥ አይረኑን ይይዘዋል፣ የተያዘ አይረን ደግሞ ወደ ደም አያልፍም፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ከምግብ ጋር ተሞክሮ ቡና የሚገባውን አይረን 40 በመቶ ገደማ ቀንሷል፣ ሻይ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው፣ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አላሳየም፣ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ነው የቀነሰው። ስለዚህ "ኪኒኑን በውሃ ዋጥኩት፣ ቡናውን ትንሽ ቆይቼ ነው የጠጣሁት" ማለት አያድንም። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ቡና ተዉ አላልኩም፣ እርጉዝ ሴትን ከጎረቤቷ ቡና ላይ ማስቀረት አልፈልግም፣ ኪኒኑን ከቡናው አርቁት ነው የምለው።

አንዷን ልንገራችሁ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ከገጠር የምትመጣ ሁለተኛዋን ያረገዘች እናት ነበረች። በአምስት ወሯ የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢኗ 9.1 ሆነ፣ ደም ማነስ ነው፣ ስለዚህ በቀን አንድ የሚወሰደው ባለ 60 ሚሊግራሙ አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር በቀን ሁለት ተደረገላት። በወሩ ስትመጣ 9.2። አብራኝ የነበረችው ልጅ "ይቺ አትውጥም" አለች። እኔ ሰገራሽ ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኳት፣ "ኧረ እህቴ ጥቁር ሆኗል፣ ፈርቼ ነበር" አለችኝ። ትውጣለች ማለት ነው። እንዴት ነው የምትውጪው ስላት "ጠዋት በቡና፣ ማታ በሻይ" አለች። በቃ። ሰገራዋን አስመረመርን ትል የለም፣ ወባ ወዳለበት ቆላ ወርዳ አታውቅም፣ የምትደማበትም ነገር የለም። ጠዋት ስትነሳ በሎሚ ውሃ፣ ማታ ስትተኛ በውሃ እንድትወስድ፣ ከራት ጋር ሻይ መጠጣቱን እንድትተው፣ ቡናውን ደግሞ ረፈድ አድርጋ እንድትጠጣ ተስማማን። ባሏንም ጠርቼ ነገርኩት ምክንያቱም ቤት ውስጥ ቡና መቼ እንደሚፈላ እሷ ብቻ አይደለችም የምትወስነው። በሚቀጥለው ወር 10.8። ኪኒኑም መጠኑም ያው ነው፣ የተቀየረው ሰዓቱ ነው።

ስለዚህ ህክምና ላይ ያለች እናት ሄሞግሎቢኗ በአራት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 1 ግራም ካልጨመረ ዝም ብሎ ሌላ ፓኬት መስጠት ስህተት ነው። መጠየቅ አለበት። በተለይ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ቀወት አካባቢ ወባና የመንጠቆ ትል መታየት አለበት፣ ወባ ሴሉን ያፈርሳል፣ ትሉ ደም ይመጥጣል፣ እነሱ ካልታከሙ አይረኑ ብቻውን አይበቃም። የትል መድኃኒቱ የእርግዝናው የመጀመሪያ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው የሚሰጠው።

ኪኒን ማቋረጥ። ሰገራ ሲጠቁር "ሆዴን አቃጠለው" ብለው ይጥሉታል። መጥቆሩ ያልገባው ትርፍ አይረን ነው፣ በሽታ አይደለም። ካቅለሸለሸሽ ማታ ስትተኚ ውሰጂው፣ ካደረቀሽ ውሃና አትክልት ጨምሪ፣ ካልሆነልሽ ተመለሺና እናስተካክለዋለን። "ልጁን ያተልቀዋል፣ ምጥ ይከብዳል" የሚባለው ደግሞ ልክ አይደለም። ምጥ ላይ የሚያስፈራን ትልቅ ልጅ ሳይሆን ደሟ አንሶ ገብታ ትንሽ ስትደማ የምትወድቅ እናት ናት።

"ጤፍ እየበላሁ ምን አይረን ያስፈልገኛል" የሚሉ አሉ፣ በተለይ ከሚንጃር የሚመጡት። ጤፍ አይረን አለው። ግን ሲለካ ከሚታየው ብዙው አውድማ ላይ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ነው፣ እህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባለው ነገር ይይዘዋል። በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል፣ ሎሚ ወይ ቃሪያ ያለበት ምግብ ይሻላል፣ ሥጋ ሲኖር በጣም ይሻላል፣ በጾም ጊዜ እርጉዟ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር። ኪኒኑን ግን አይተካም።

በዓይን መፍረድ። "ፊቷ ቀይ ነው፣ ደም አላት" ይባላል። የዓይኗን ሽፋን ገልጦ ማየት በጣም ሲወርድ ነው የሚያሳየው፣ መለስተኛው ያመልጣል። ገና በመጀመሪያው ክትትል ትለካ፣ ወደ መጨረሻም እንደገና ትለካ።

ሲለካም አንድ ነገር አለ። መደበኛው መስፈሪያ በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከ11 በታች፣ መሃል ላይ ከ10.5 በታች ደም ማነስ ነው ይላል። ይሄ ግን ለባህር ወለል ከፍታ የወጣ ቁጥር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መሐል ሜዳ ከዛም ከፍ ትላለች። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፣ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. መመሪያው ከ2,500 እስከ 3,000 ሜትር ለሚኖር ሰው ከተለካው 1.8 ቀንሱ ይላል። በአምስት ወሯ 11.9 የሆነች የደብረ ብርሃን እናት በወረቀቱ ደህና ናት፣ ሲቀነስ 10.1 ናት። በእርግጥ የእኛ ደገኞች ሄሞግሎቢን እንደ ደቡብ አሜሪካ ተራሮች ሰዎች ብዙ እንደማይጨምር ጥናት አሳይቷል፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አልወስደውም። ግን 11 ምናምን አይቶ "ደህና ነሽ" ብሎ መሸኘት አይገባም፣ ቶሎ ደግሞ መለካትና ኪኒኑን እንዴት እንደምትወስድ መጠየቅ ነው።

ከወለዱ በኋላ ማቆም። ክምችቱ ባዶ ነው፣ ደም ፈሷል፣ ሦስት ወር ይቀጥል።

የተረፈውን ኪኒንም ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቀይ ስለሆነ ህፃናት ከረሜላ ይመስላቸዋል፣ ብዙ አይረን የዋጠ ትንሽ ልጅ ሊሞት ይችላል፣ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪያስመልሰው አትጠብቁ፣ ባዶውን ፓኬት ይዛችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።