ደበርጃኑ ለምን መረረኝ?

ሐሙስ ከጅማ ገበያ ትልልቅ ደበርጃን ገዝቼ ጠበስኩ። ባለቤቴ አንዴ ጎርሳ "ይሄ ነገር ኮሶ ነው እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው።

የተረፈውን አንዱን ስሰነጥቀው ነገሩ ገባኝ። ፍሬዎቹ ቡናማ ሆነው ጠንክረዋል። ደበርጃን ሲያረጅ ምሬቱ የሚበዛው ፍሬውና ዙሪያው ላይ ነው። መሃሉን በማንኪያ ፍቄ ጣልኩ። የቀረውን በጣት ውፍረት ቆርጬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሼ ወንፊት ላይ ተውኩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላብ በላብ ሆነ፤ ከሥሩም ቡናማ ውሃ ተጠራቀመ። አጠብኩትና በንጹህ ጨርቅ ጨመቅ አድርጌ አደረቅኩት። መጥበሻው ላይ ሌላ ጨው አልጨመርኩም (አንዴ ጨምሬ ተቀጥቻለሁ)። ዘይትም እንደ በፊቱ አልጠጣም። ምሬቱ ጠፋ።

አሁን ስገዛ አነስ ያለና ቆዳው የሚያብረቀርቀውን እመርጣለሁ። በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል።

ዱባና ዝኩኒ ግን ሌላ ነው። ከማብሰሌ በፊት ጥሬውን ትንሽ ቆርጬ በምላሴ እነካዋለሁ። በጣም ከመረረ እተፋውና ሙሉውን እጥላለሁ። ኩኩርቢታሲን የሚባለው መራራ ነገር በጨውም በእሳትም አይለቅም፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስታውካል።