የታይሮይድን ሥራ ከታማሚው ላይ እንዴት ማንበብ ይቻላል? ለነርስ ተማሪዎች

አንዲት የ36 ዓመት ሴት «ልቤ ይመታብኛል፣ እንቅልፍም አጣሁ» ብላ መጣች እንበል። የልብ ምቷ በደቂቃ 116 ነው። ጭንቀት ነው ወይስ ታይሮይድ?

መጀመሪያ ምቱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ ያሳስታል፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ምቱ ሊዛባ ይችላልና። ከተዛባባችሁ አንዳችሁ ደረቷን በስቴትስኮፕ እያዳመጣችሁ ሌላችሁ የእጅ አንጓዋን ቁጠሩ። የአንጓው ካነሰ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪም ንገሩ።

ቀጥሎ ተኝታ ሳለች ድጋሚ ቁጠሩ። እኔ ይህችን እርምጃ ከሁሉም አስበልጣለሁ። የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ምቱ ይረጋጋል። የእኛ ታማሚ ግን ተኝታም 104 ናት። ቲ3 የሚባለው ንቁ ሆርሞን የልብ ሴል ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ጂኖችን ያዛል፤ ምቱን የሚያስጀምረው ቦታ ይፈጥናል፣ ለአድሬናሊን የሚመልሱት መቀበያዎችም ይበዛሉ። ፕሮፕራኖሎል ምቱን የሚያወርደው እነዚህን መቀበያዎች ስለሚዘጋ ነው (አስም እንዳለባት ሳትጠይቁ እንዳትሰጡ)። ምቱ 80 ገባ ማለት ግን ሆርሞኑ ቀነሰ ማለት አይደለም። ምርቱን የሚያግደው መድኃኒት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ዕጢው ያከማቸው አለ፣ በደም ያለው ቲ4ም በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

አሁን መዝኗት፤ ስለ ምግብም ጠይቋት። በ3 ወር 6 ኪሎ ቀንሳለች፤ ግን ከድሮው የበለጠ ትበላለች። ሴሎቿ ነዳጁን እያነደዱ ሙቀት ያደርጉታል። ለዚህ ነው ሌላው ሲበርደው እሷ የሚያልባት።

አጥንቷ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። አጥንት ሁሌም ይፈርሳል፣ ይገነባል። ሆርሞኑ ሲበዛ ሁለቱም ይፈጥናሉ፤ ግንበኛው ግን አፍራሹን አይደርስበትም። ስለዚህ የወር አበባ ካቆመች ወይም ካሁን በፊት አጥንት ተሰብሯት ከሆነ ጠይቃችሁ መዝግቡ።

ልጅ ላይ ስትደርሱ ከልብ ምቱ ይልቅ የዕድገት ቻርቱን ያዙ። የ8 ዓመት ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ያለፈው ዓመት 2 ብቻ ካደገ፣ ክብደቱ ግን ካልቀነሰ፣ የሆርሞን እጥረትን ጠርጥሩ። በምግብ እጥረት ቀድሞ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ክብደት ነው። ታይሮይድ ሲያንስ የዕድገት ሆርሞን ይቀንሳል፣ በአጥንት ጫፍ ያለው የማደጊያ ልስልስ አጥንትም ይዘገያል። የግራ እጅ ራጅ ሲነሳ አጥንቱ የ5 ዓመት ልጅ ሊመስል ይችላል። ይህ ክፉ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የማደጊያው ቦታ ገና ክፍት ስለሆነ በሕክምና ከቀረው ብዙውን ያካክሳል።

ሆርሞኑ የበዛበት ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ከእኩዮቹ ይረዝማል፤ ወላጅም ይደሰታል። የአጥንቱ ዕድሜ ግን ቀድሞ ይሮጣል፣ ሳይታከም ከቆየም የማደጊያው ቦታ ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል።

አራስ ሕፃን ላይ ግን ቁመት እስኪዘገይ አትጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት አንጎልም ሆርሞኑን ይፈልጋል፤ ያኔ ያመለጠው እንደ ቁመት አይካካስም።