መጋዘንዎን ለእህል ነጋዴ ለማከራየት ማስታወቂያው እንዴት ይጻፋል?

«የሚከራይ ሰፊ መጋዘን፣ ለማንኛውም አገልግሎት የሚሆን።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ለእህል ነጋዴ ምንም አይነግረውም። በቆሎ ወይም በርበሬ የሚገዛ ሰው ደውሎ የሚጠይቀው ሌላ ነው። መኪና የት ድረስ ይገባል? ወለሉ ስንት ኩንታል ይችላል? ማን ይጠብቀዋል? ሦስቱን ማስታወቂያው ላይ ከመለሱ የሚደውልልዎ የምር ፈላጊ ነው። ለምሳሌ ቡሬ ከተማ ዳር ያለ፣ ውስጡ 10 በ20 ሜትር የሆነ መጋዘን እንውሰድ።

መጀመሪያ ሜትር ይዘው ወደ ግቢው በር ይሂዱ። ስፋቱን ሲለኩ መዝጊያዎቹ ተከፍተው የሚቀረውን ክፍተት ነው እንጂ ከምሰሶ ምሰሶ አይደለም። ቀና ብለውም ይዩ። የተጫነ መኪና ከፍታው 4 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል የረገበ የመብራት ሽቦ ካለ ችግር ነው። አይሱዙ ግቢ ገብቶ መዞር ከቻለ ይጻፉት። ተሳቢ ግን አብዛኛው ግቢ ውስጥ አይዞርም፤ አስፋልት ላይ ቆሞ ማራገፍ ይኖርበታል። ይህን አይደብቁ። ጫኝና አውራጅ ሂሳቡን የሚጠይቀው እንደ ርቀቱ ነው፤ ስለዚህ ከአስፋልቱ እስከ መጋዘኑ በር ያለውን በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ለክተው ያስቀምጡ። «ክረምት ከበጋ ያስገባል» የሚለውን ደግሞ ነሐሴ ላይ ጭነት የያዘ መኪና ገብቶበት ካላዩ አይጻፉ።

ወለሉ ትንሽ ስሌት ይፈልጋል። አንድ ኩንታል በቆሎ የያዘ ጆንያ ሲጋደም በግምት 0.6 ካሬ ሜትር ይይዛል። አሥር ደርብ ከተደረደረ በዚያችው ቦታ ላይ 1,000 ኪሎ አረፈ ማለት ነው። በካሬ ሜትር ሲታሰብ 1.7 ቶን ገደማ ይመጣል። መሬቱ በደንብ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ከተነጠፈ በኋላ 15 ሳንቲ ሜትር አርማታ የፈሰሰበት ወለል ይህን ይሸከማል። ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። ለመኖሪያ የሚሠራ ፎቅ የሚሰላው ለካሬ ሜትር 200 ኪሎ አካባቢ ነው። መሐንዲስ አይቶ ካልፈቀደ በቀር እህል አይጫንበት፤ «መጋዘን» ብለው ባያከራዩት ይሻላል።

የምድር ቤቱንም ቢሆን ሳይፈትሹ አያስተዋውቁ። ሊሾውን በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ሊሾው ከሥሩ ተላቅቋል። ሌላው የሚታየው ስንጥቅ ነው። ፀጉር የምታህል ብዙ አታሳስብም። የስንጥቁ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ካለ ግን ሥሩ እየሰመጠ ነው። እንደ ቢቸና ባለ ዋልካ አፈር ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ወለሉንም አብሮ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ፕላስቲክ ዘርግተው ጠርዙን በፕላስተር ይለጥፉና ያሳድሩት። ጠዋት ሥሩ ላብ ካለው ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እርጥበት ከታች እየመጣ ነው። እንዲህ ያለ ወለል ላይ ያለ እንጨት ርብራብ የተቀመጠ እህል ይሻግታል። ርብራቡን እርስዎ የሚያቀርቡ ከሆነ ይጻፉት፤ ዋጋ ያስጨምራል።

ስንት ኩንታል እንደሚይዝ ሲያሰሉ ሙሉውን 200 ካሬ አይቁጠሩ። ከየግድግዳው አንድ ሜትር፣ መሐል ደግሞ የሁለት ሜትር መተላለፊያ ሲቀነስ 108 ካሬ ይቀራል። ይህ በአንድ ደርብ 180 ጆንያ፣ በአሥር ደርብ 1,800 ኩንታል ነው። ከግድግዳ የሚተወው ቦታ ለአየርና አይጥ ለማየት ነው፤ የተገፋ ግድግዳም አይኖርም።

ጥበቃን በተመለከተ «አስተማማኝ» የሚለው ቃል ምንም አይሠራም። ዘበኛው ሌሊት ያድራል? ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? መስኮቱ ፍርግርግ አለው? ከሁሉም በላይ ነጋዴ የሚፈልገው የቁልፉን ነገር ነው። በሩ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በእርስዎ፣ አንዱ በተከራዩ እጅ ይሁን። አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም ማለት ነው። ጎደለ ሲባል ጭቅጭቅ አይኖርም።

እንግዲህ የምሳሌያችን ማስታወቂያ ይህን ይመስላል፦

«ቡሬ፣ ከአስፋልት 40 ሜትር ገባ ብሎ፣ ለእህል የሚሆን መጋዘን። ውስጡ 10 በ20 ሜትር፤ ወደ 1,800 ኩንታል ይይዛል። ወለሉ ምድር ላይ የፈሰሰ 15 ሳንቲ አርማታ ነው፤ እርጥበት የለውም። አይሱዙ በር ድረስ ክረምት ከበጋ ይገባል፤ ተሳቢ አስፋልት ላይ ይቆማል። የብሎኬት አጥር፣ የሌሊት ዘበኛ በአከራይ ወጪ፣ ሁለት ቁልፍ። ከጥቅምት 1 ጀምሮ ክፍት።»

የወር ኪራዩን ከሥሩ ይጨምሩ። ዋጋ ያልተጻፈበትን ብዙዎች ያልፉታል። ፎቶ ሦስት ይበቃል፦ መኪና በሩ ላይ ቆሞ፣ ባዶው ወለል ከጥግ እስከ ጥግ፣ በሩ ከነቁልፉ። ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉትም ለደላላ የሚሰጡትም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይሁን። ደላላ በቃል ሲያወራ 1,800ው ኩንታል 3,000 ሆኖ ይገኛል፤ ተከራዩ የሚጣላው ግን ከእርስዎ ጋር ነው። ጊዜውም መስከረም ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ኅዳር ላይ አዲሱ በቆሎ መግባት ሲጀምር ነጋዴው ቦታውን ይዟል።