የኤሲሲኤ አባልነትን የሚያሳጡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ላይ በሂሳብ ሥራ ያሉ ልጆች የዓለም አቀፉን የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የኤሲሲኤን፣ ፈተና ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ "የሥራ ልምዴን ማን ይፈርምልኝ?" ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አባል ለመሆን የ36 ወር ሥራና 9 የሥራ ግቦች ይጠየቃሉ። እያንዳንዱን ግብ በሥራችሁ እንዴት እንዳሟላችሁ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ ግቦቹን የሚያጸድቀው ሥራችሁን የሚያውቅ፣ ብቃቱ የተረጋገጠ የሂሳብ ባለሙያ ነው።

ፊርማ መግዛት

በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የሚሠራ ልጅ እንውሰድ። አለቃው ጎበዝ ነው፣ ግን የሙያ ማረጋገጫ የለውም። ቴሌግራም ላይ አንዱ "እኔ እፈርምልሃለሁ፣ ጽሑፉንም እሰጥሃለሁ" ይለዋል። ልጁ ይከፍላል፣ አባልም ይሆናል። ችግሩ ያው ሰውዬ ለብዙ ሰው ፈርሟል፤ ጽሑፎቹም ቃል በቃል አንድ ናቸው። ኤሲሲኤ እንዲህ ያሉ መዝገቦችን አመሳክሮ ብዙ አባላትን ከሷል። የሥነ ምግባር ደንቡ የመጀመሪያ መርህ ታማኝነት ስለሆነ ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ከአባልነት መሰረዝ ነው።

ልጁ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። የሠራበትን ጊዜ አለቃው ያረጋግጥለታል። ግቦቹን ደግሞ የዩኒየኑን ሂሳብ የሚመረምረውና ሥራውን የሚያውቀው የውጭ ኦዲተር፣ ብቃቱ የተረጋገጠ ከሆነ፣ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ሊፈርምለት ይችላል።

የጓደኛን ጽሑፍ መቅዳት

"ሥራውን እኮ በእርግጥ ሠርቻለሁ" አያድንም። ጽሑፉ የራስ መሆን አለበት። ለምሳሌ የመጋዘኑ ቢን ካርድ 412 ኩንታል በቆሎ ይላል፣ ሌጀሩ 421። ልዩነቱ 9 ስለሆነ፣ ለ9 ሲካፈል ቀሪ ስለሌለው፣ ቁጥር ተገላብጦ እንደተጻፈ ጠረጠርክ፤ የመረከቢያ ደረሰኙን አውጥተህ አረጋገጥክ። ይህን ጻፍ። ከሌላ ሰው ጋር ቃል በቃል የሚገጥም አይሆንም።

ዝም ማለት

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የምርመራ ደብዳቤው የሚመጣው ባስመዘገባችሁት ኢሜይል ነው። አለመመለስ ራሱን የቻለ ክስ ይሆናል። ችሎቱ በቪዲዮ ይካሄዳል፤ ባትገኙም ሊቀጥል ይችላል። ውሳኔው ከነስማችሁ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ወጪም ሊጠየቅባችሁ ይችላል። ይህ በብር ሲመነዘር አስቡት። ቀጣሪ ስማችሁን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ጊዜ ካጠራችሁ ጠይቁ። አጥፍታችሁ ከሆነ ቶሎ እመኑ፤ ኮሚቴው ቅጣት ሲወስን ማመንንና መጸጸትን ያያል። ብዙዎች ሲመዘገቡ የሰጡት የካምፓስ ወይም የድሮ መሥሪያ ቤታቸውን ኢሜይል ነው፤ ያ ደግሞ ሲለቁ ይዘጋል። ዛሬ ማታ myACCA ላይ ወዳለው የግል ገጻችሁ ገብታችሁ የትኛው ኢሜይል እንደተመዘገበ እዩ። ስፓሙንም ክፈቱት።