ላፕቶፑ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው?

ስክሪን ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ ሥራ መጀመር አለመጀመሩን ለዩ። ካበራችሁት በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና Caps Lock ደጋግማችሁ ተጫኑ። መብራቷ በተጫናችሁ ቁጥር ከበራችና ከጠፋች ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው፤ ችግሩ ያለው ማሳያው ላይ ነው።

እንደዚያ ከሆነ ክፍሉን አጨልሙና የስልክ መብራት በስክሪኑ ላይ ከጎን አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። ምንም ካልታየ በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። እዚያ ምስል ከመጣ የላፕቶፑን ስክሪን ወይም ከቦርዱ ወደ ስክሪኑ የሚሄደውን ኬብል ጠርጥሩ። ክዳኑን ስታንቀሳቅሱ ብልጭ ካለ ደግሞ ኬብሉ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

Caps Lock ጭራሽ ካልመለሰ ስክሪኑን ተዉት። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የሚወጣ ባትሪ ካለው አውጡ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ አብሩ።

አሁንም ካልተነሳ ወደ ራሙ እንሂድ። እኔ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ከመንካታችሁ በፊት ማሽኑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የውስጡንም ባትሪ ከቦርዱ ንቀሉ፤ ይህን አትዝለሉ። ሁለት ራም ካለው አንድ አንዱን ብቻ፣ በሁለቱም ማስገቢያ ሞክሩ። አንደኛው የትም ቢገባ ካልሠራ የተበላሸው ራሙ ነው። ሁለቱም በአንዱ ማስገቢያ ብቻ ከሠሩ ጥፋቱ የማስገቢያው ነው። ራም ከተነካ በኋላ አዳዲስ ማሽኖች ለመነሳት ደቂቃዎች ሊወስዱ ስለሚችሉ ቶሎ አታጥፉት። በየትኛውም ካልሠራ ማዘርቦርዱን ባለሙያ ይየው።