የኮምቦልቻዋ ሴትዮ ትኬት

ደሴ ፒያሳ ካለች ቢሮ ሆነን የደንበኞችን ስልክ እናነሳለን። እያንዳንዱ ጥያቄ ትኬት ሆኖ ወረፋ ይይዛል፤ እጁ ነፃ የሆነ ሠራተኛ ከፊት ያለውን ያነሳል።

ቀድሞ የመጣ ይቅደም ካልን፣ 3:00 ላይ የገባው «የይለፍ ቃሌ ጠፋኝ» 3:10 ከገባው «ክፍያ ቆሟል» በፊት ይታያል። በአስቸኳይነት ደረጃ ከሆነ ግን ክፍያው ዘሎ ፊት ይገባል። ደግ ነው። ጣጣው፣ አስቸኳዩ ሲደራረብ የኮምቦልቻዋ ሴትዮ የይለፍ ቃል ሳይነካ ይመሻል። እኛም ጋ ደርሷል፣ ያውም ሁለቴ።

መላው ይኸው፦ ትኬት በጠበቀ በየሰዓቱ ደረጃው አንድ እርከን ከፍ ይበል፤ እኩል ደረጃ ያላቸው በገቡበት ሰዓት ይሰለፉ። 3:00 ላይ በደረጃ 4 የገባችው ትኬት 6:00 ላይ ከሁሉም አስቸኳይ ወደሆነው ደረጃ 1 ትደርሳለች። ከዚያ በኋላ አዲስ የመጣ አስቸኳይ አይቀድማትም።