ስድስተኛው ጣት እና የማይነበበው ታፔላ፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ ባነር የሚያሳትም ደንበኛ አሁን አሁን ፎቶ ይዞ አይመጣም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያሠራውን ምስል በቴሌግራም ይልካል። መርካቶ አካባቢ ለሚከፈት ቡና ቤት የተላከ አንድ ምስል እንውሰድ። የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከጀበና ቡና ትቀዳለች። ከኋላዋ «ጅማ ቡና ቤት» የሚል ታፔላ እንዲኖር ተፈልጓል። ምስሉ የተሠራው ከጽሑፍ ምስል በሚያወጣው ስቴብል ዲፊውዥን 1.5 በተባለ ሞዴል ሲሆን መጠኑ 512 በ512 ፒክስል ነው። ስልክ ላይ ሲያዩት ያምራል። 2 ሜትር ባነር ላይ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው አላፊ አግዳሚ «ሴትዮዋ ስድስት ጣት ነው እንዴ ያላት?» ማለቱ አይቀርም።

ምልክት፦ እጁ ልክ አይደለም

ጣቶቹን ቁጠሩ፤ ግን በቆጠራ ብቻ አትቁሙ። ቁጥሩ አምስት ሆኖም እጁ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። እጅ ከዕቃ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተከተሉ። በዚህ ምስል ላይ ጠቋሚ ጣቷ ከጀበናው እጀታ ጋር ተዋህዷል። የቱ ጋ ቆዳ አልቆ የቱ ጋ ሸክላ እንደሚጀምር አይታወቅም። ስኒውን የያዘው እጅ ላይ ደግሞ አውራ ጣቱ በትንሿ ጣት በኩል ወጥቷል።

ምክንያት

ዲፊውዥን ሞዴል ከዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ይነሳና ደረጃ በደረጃ እያጠራ ወደ ምስል ይደርሳል። ይህንን የሚሠራው ግን በፒክስሎቹ ላይ አይደለም። 512 በ512 የነበረው ምስል 64 በ64 ወደሆነ ሰንጠረዥ ተጨምቆ ነው የሚሠራበት። አንዷ ሳጥን 8 በ8 ፒክስል ትወክላለች። በዚያ ቦታ 192 የቀለም ቁጥሮች ነበሩ፤ ሳጥኗ የምትይዘው 4 ብቻ ነው።

አሁን የሴትዮዋን እጅ እንለካ። ሙሉ ሰውነቷ ስለሚታይ እጇ 40 ፒክስል ያህል ርዝመት፣ 20 ፒክስል ያህል ወርድ ብቻ ደርሶታል። አራት ጣቶች 20 ፒክስል ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ 5 ይደርሰዋል። አንድ ጣት አንዲት ሳጥን እንኳን አልሞላም ማለት ነው። ፊቷ ግን ብዙ ሳጥን ስላገኘ ቆንጆ ሆኖ ወጥቷል።

ሁለተኛው ምክንያት ሞዴሉ እጅን ያወቀበት መንገድ ነው። አጥንትና መገጣጠሚያ ማንም አላስተማረውም። የተማረባቸው ፎቶዎች መግለጫም «ቡና የምትቀዳ ሴት» ይላል እንጂ «ሦስት ጣት ይታያል፣ ሁለቱ ከእጀታው ኋላ ተሸፍነዋል» አይልም። በፎቶዎቹ ውስጥ እጅ አንዴ ተጨብጧል፣ አንዴ ተዘርግቷል፣ አንዴ ግማሹ ተሸፍኗል። ስለዚህ ሞዴሉ የያዘው ትምህርት «ከጣት ጎን ብዙውን ጊዜ ጣት አለ» የሚል ነው። መቼ እንደሚያበቃ የሚነግረው ቆጠራ የለውም። በሥልጠናው ላይም አንድ ትርፍ ጣት ከጠቅላላው ምስል አንጻር ኢምንት ስህተት ስለሆነ ብዙም አይቀጣበትም።

መፍትሄ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው አሉታዊ ፕሮምፕት ላይ፣ ማለትም ምስሉ ላይ እንዳይኖር የምንፈልገው በሚጻፍበት ቦታ፣ «መጥፎ እጅ» ብሎ መጻፍ ነው። እኔ ብዙም አልተማመንበትም። ፎቶ ለጥፎ «እጁ መጥፎ ነው» ብሎ መግለጫ የሚጽፍ ስለሌለ ሞዴሉ ከቃሉ የሚማረው ጥቂት ነው።

የሚሠራው መንገድ ለእጁ ብዙ ሳጥን መስጠት ነው። ስቴብል ዲፊውዥንን በሚያሠራው በAUTOMATIC1111 ገጽ ላይ፣ የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ እንደገና ወደሚያሥለው `Inpaint` ግቡ። እጁን፣ አንጓውንና የእጀታውን ጥቂት ክፍል በብሩሽ ሸፍኑ። `Inpaint area` የሚለውን `Only masked` አድርጉት። `Only masked padding` 32 ላይ ይሁን። አሁን ፕሮግራሙ እጁን ከነዙሪያው፣ ማለትም 104 ፒክስል ያህል ስፋት ቆርጦ ወደ 512 ያሳድገዋል። አምስት እጥፍ አደገ ማለት ነው። 5 ፒክስል የነበረው ጣት ወደ 25 ደረሰ፤ ሦስት ሳጥን አገኘ። ፕሮምፕቱንም ቀይሩት። ስለ ሴትዮዋ መናገሩን ትታችሁ እጀታ የያዘ እጅን ብቻ ግለጹ። ከድሮው ምስል ምን ያህል እንዲለወጥ የሚወስነውን `Denoising strength` 0.5 አካባቢ አድርጋችሁ በርከት ያለ ሙከራ አውጡና የተሻለውን ምረጡ።

ስድስተኛው ጣት እየተመለሰ ካስቸገረ ምክንያቱ ያው የድሮው ምስል ነው። በ0.5 ላይ ሞዴሉ ከስር ያለውን ቅርጽ እየተከተለ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ጊምፕ በተባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ትርፉን ጣት ከኋላው ባለው ቀለም ሸፍኑት፤ ቢያስጠላም ግድ የለም። ከዚያ በ0.4 መልሳችሁ አሠሩት። ይህች ዘዴ ቁጥር ከመቀያየር በላይ ትጠቅማለች።

ምልክት፦ ታፔላው ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ይዟል

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እውነተኛ ፎቶ ላይም ታፔላ ላይነበብ ይችላል። ከትኩረት ውጭ የሆነ ጽሑፍ ግን ከነሰሌዳው፣ ከነግድግዳው ነው የሚደበዝዘው። የሞዴል ጽሑፍ ጠርዙ ጥርት ያለ ሆኖ ፊደሉ በየትኛውም ገበታ ላይ የለም። አንዱን የ«ቡ» ቅርጽ ሦስት ቦታ ብትፈልጉት ሦስቱም ይለያያሉ። ጅማ ላይ ደግሞ ታፔላ በኦሮምኛም ስለሚጻፍ ሌላ ምልክት አለ፤ `Jimmaa` መሆን የነበረበት `Jimaa` ወይም `Jimmmaa` ሆኖ ይወጣል። ከጣቱ ጋር አንድ በሽታ ነው። ተመሳሳይ ነገር ጎን ለጎን ሲደጋገም ቆጠራው ይጠፋል።

ምክንያት

የመጠኑ ጉዳይ እዚህም አለ። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለያቸው ቅጥያዋ መሃል ላይ ወይም እግሩ ስር መሆኗ ነው። ፊደሉ 16 ፒክስል ቁመት ካለው ያ ልዩነት በሁለት ሳጥን ውስጥ ይቀልጣል።

ለእኛ የባሰው ግን ሞዴሉ የጻፍነውን ራሱ አለማንበቡ ነው። የ1.5 ጽሑፍ አንባቢ ክሊፕ ይባላል፤ የሰለጠነው በዋናነት በእንግሊዝኛ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት ስለሆነ ክሊፕ ጋ ሲደርስ እስከ 3 ቁራጭ ይበተናል። ቦታው ደግሞ 75 ቁራጭ ብቻ ነው። በ2024 የወጡት ስቴብል ዲፊውዥን 3 እና ፍለክስ ቲ5 የተባለ ትልቅ አንባቢ ጨምረው የላቲን ጽሑፍን በጣም አሻሽለዋል። እጅም ከበፊቱ ተሽሏቸዋል። ግን በዚያ ቲ5 የቁራጭ ዝርዝር ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ፊደሎቻችን ሁሉ «ያልታወቀ» በሚል አንድ ምልክት ይተካሉ። «ጅማ» ብትሉትም «ጎንደር» ብትሉትም ለእሱ ያው ነው።

መፍትሄ

አማርኛውን ሞዴሉ እንዲጽፈው አትጠይቁ። ታፔላውን በ`Inpaint` ሸፍኑና `Masked content` የሚለውን `fill` አድርጉ፤ `Denoising strength` ወደ 0.9 ይውጣ። ባዶ የእንጨት ሰሌዳ እንዲሠራ ጠይቁ። ከዚያ በጊምፕ በ`Noto Sans Ethiopic` ወይም በ`Abyssinica SIL` ራሳችሁ ጻፉት። በ`Perspective` መሣሪያ ከሰሌዳው ማዕዘን ጋር አስተካክሉት። ጽሑፉን ከጥቁርና ከነጭ ሌላ ቀለም ሰጥታችሁ ሌየሩን `Multiply` ብታደርጉት የእንጨቱ መስመር በፊደሉ ውስጥ ያልፋል። ጽሑፉ ከሥዕሉ ይልቅ የጠራ ከመሰለ ግማሽ ፒክስል ያህል አደብዝዙት።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ባዶውን ሰሌዳ፣ ቀጥሎ ምስሉን ለባነሩ ማሳደግ፤ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ነው። ፊደሉን ከጻፋችሁ በኋላ ምስሉን በሞዴል ካሳደጋችሁት ሞዴሉ ጽሑፉንም እንደ አዲስ ይሥለዋል፤ «ቡና»ው እንደገና ሌላ ነገር ይሆናል።

ሌላው፣ ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ እጅና ጽሑፍ አይታችሁ የምስሉን ምንጭ መለየት አትችሉም። አምስት ጣት መኖሩ ፎቶ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። በተቃራኒው ስድስት ጣት ይዞ የሚወለድ ሰውም አለ። እንዲህ ያለ ሰው ፎቶ ላይ ግን ስድስተኛው ጣት የራሱ ሥር አለው፤ በቀጣዩ ፎቶም ላይ እዚያው ቦታ ነው የሚገኘው።